ከቪዲዮ ስብሰባ በኋላ ወደ ፕሮጀክት ግሩፕ የሚለጠፍ ቃለ ጉባኤ፦ ከጅማ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

የያዝነው ሥራ በጎማ ወረዳ በሚገኝ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ያረጁ የማድረቂያ አልጋዎችን የሽቦ ወንፊት መለወጥ ነው። አስተባባሪው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና እኔ ጅማ ከተማ፣ የጣቢያው ኃላፊ አጋሮ አጠገብ፣ የጥራት ባለሙያዋ አዲስ አበባ፣ የቴክኒክ አማካሪያችን ደግሞ ጀርመን ስለምንገኝ ሁላችንም በአንድነት የምንነጋገረው በየሳምንቱ ማክሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት በምናደርገው የቪዲዮ ስብሰባ ነው። ማክሰኞን የመረጥነው ሐሙስ የጅማ የገበያ ቀን፣ ዓርብም የጁምዓ ሰላት ቀን በመሆኑ የቀኑ እኩሌታ ለሁሉም ስለማይመች ነው።

እስካሁን የስብሰባው ቃለ ጉባኤ በመደበኛው የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ ተዘጋጅቶ፣ ፋይል ሆኖ ወደ ቴሌግራም ግሩፓችን ይላክ ነበር። ፋይሉ ለማኅደር የሚያስፈልግ ስለሆነ አሁንም ይቀጥላል። ለሥራው ግን አላገለገለም፤ ምክንያቱም የጣቢያው ኃላፊ መስክ ላይ ባለው ደካማ ኔትወርክ ፋይሉን ማውረድ አይችሉም፣ የቻሉትም ሰዎች ቢሆኑ ከሦስት ገጽ ውስጥ የራሳቸውን ድርሻ ፈልገው ማውጣት ነበረባቸው። ከዛሬ ጀምሮ ከፋይሉ በተጨማሪ፣ ስብሰባው ባለቀበት ምሽት፣ ሳይወርድ የሚነበብ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲለጠፍ ተስማምተናል። ይህ ማስታወሻ የዚያን መልእክት አዘጋጃጀት ይከታተላል።

በዛሬው ስብሰባ ብዙ ጊዜ የወሰደው ስለ ሽቦው የተነሣው ነጥብ ነው። በንግግሩ መካከል የተባለው ቃል በቃል “ሽቦው ቶሎ ይገዛ፣ በ20 ጣቢያ ቢደርስ ጥሩ ነው” የሚል ነበር፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሊታለፍ ሲል እኔ እጄን አንሥቼ ንግግሩን አስቆምኩ። በዚህ አነጋገር ውስጥ ገዢው ማን እንደሆነ አልተነገረም፣ ምን ዓይነት ሽቦ እንደሚገዛም አልተባለም፣ ከሁሉ ይልቅ ግን ቀኑ አሳሰበኝ።

“ጋሼ፣ በ20 ሲሉ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጆቹ?” ብዬ የጣቢያውን ኃላፊ ጠየቅኳቸው።

“በእኛ ነዋ፣ ኅዳር 20” አሉ።

አማካሪው ወዲያው “እኔ ኖቬምበር 20 ብዬ ነው የያዝኩት” አሉ።

በዚህ ወር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 9 ቀን ነው፤ ኖቬምበር 20 ማለት ኅዳር 11 ሲሆን፣ ኅዳር 20 ደግሞ ኖቬምበር 29 ነው። በለቀማው ወቅት 9 ቀን ቀላል አይደለም። እሸቱ በየዕለቱ ይገባል፣ ተፈልፍሎና ታጥቦ ከገንዳ የወጣውም ቡና በዚያው ዕለት አልጋ ላይ መሰጣት አለበት፤ አልጋ ከጠበበ ቡናው በወፍራሙ ይከመርና ሳይደርቅ ይሻግታል። ሁለቱም ሰዎች ተስማምተው ከስብሰባው ቢወጡ ኖሮ አለመግባባታቸው የሚታወቀው ኅዳር 11 ቀን ሽቦው ሳይደርስ ሲቀር ነበር። በመጨረሻ የተያዘው ቀን ኅዳር 11 ሆነ።

ስለዚህ በመልእክቱ ውስጥ እያንዳንዱ ቀን ከነዕለቱ ስም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። የዕለቱ ስም ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ በስሕተት ቢጻፍ ዕለቱና ቀኑ ስለማይገጥሙ አንባቢው ይነቃል። ሰዓትም ሲጻፍ “ከቀኑ 9 ሰዓት (15:00)” ተብሎ ነው። ለአማካሪው ደግሞ በክረምታቸው ከእኛ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ እንደሚሆኑ ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ሰዓታቸውን ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ስለለወጡ አሁን የእኛ 9 ሰዓት ለእሳቸው 13:00 ነው።

ዛሬ ምሽት የለጠፍኩት መልእክት ይህ ነው፦

የማክሰኞ ኅዳር 2 (ኖቬምበር 11) ስብሰባ
የተገኙ፦ አስተባባሪ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ የጣቢያ ኃላፊ፣ የቴክኒክ አማካሪ፣ ጸሐፊ
ያልተገኙ፦ የጥራት ባለሙያ

ውሳኔዎች
• የ24ቱም አልጋዎች ወንፊት በዚህ ዙር ይለወጣል።
• ግዢው በ3 ፕሮፎርማ ውድድር ይፈጸማል።

ቀጣይ ሥራዎች
• ሥራ 1፦ ሒሳብ ሠራተኛ ለ8 ጥቅል የሽቦ ወንፊት (ስፋት 1.20 ሜትር፣ ርዝመት 30 ሜትር) 3 ፕሮፎርማ ሰብስበው ፎቶውን እዚህ ይለጥፋሉ፤ እስከ ዓርብ ኅዳር 5 (ኖቬምበር 14)።
• ሥራ 2፦ አስተባባሪ አሸናፊውን መርጠው የክፍያ ፈቃድ ይፈርማሉ፤ እስከ ሰኞ ኅዳር 8 (ኖቬምበር 17)፤ ሥራ 1 ካለቀ በኋላ።
• ሥራ 3፦ ሒሳብ ሠራተኛ ሽቦውን ገዝተው ጣቢያ ያደርሳሉ፤ እስከ ሐሙስ ኅዳር 11 (ኖቬምበር 20)፤ ሥራ 2 ካለቀ በኋላ።
• ሥራ 4፦ የጣቢያ ኃላፊ እግራቸው የተበላ አልጋዎችን ቆጥረው ቁጥሩን ይልካሉ፤ እስከ ቅዳሜ ኅዳር 6 (ኖቬምበር 15)።
• ሥራ 5፦ የጥራት ባለሙያ የእርጥበት መለኪያው የሚፈተሽበትን ቦታ ያሳውቃሉ፤ እስከ ሰኞ ኅዳር 8 (ኖቬምበር 17)፤ የባለሙያዋ ማረጋገጫ ይጠበቃል።

ያልተቋጨ
• የጥላ መረብ ይገዛ ወይስ አይገዛ የሚለው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይታያል።

በግሩፑ ላይ በየመደቡ ፈንታ የየሰዉ ስም በ@ ምልክት ተጠርቶ ገብቷል፤ ስሙ የተጠራ ሰው የግሩፑን ድምፅ ቢያጠፋም ማሳወቂያው በአብዛኛው ይደርሰዋል። በዚህ ማስታወሻ የሰዎቹን ስም ትቼ መደባቸውን ብቻ አስቀምጫለሁ።

ከአጻጻፉ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ሆነ ብዬ አድርጌአለሁ። የመጀመሪያው፣ በመደበኛ ቃለ ጉባኤ የለመድነውን “እንዲገዛ ተወስኗል”፣ “ተሰብስቦ እንዲቀርብ ተባለ” የሚለውን አነጋገር በቀጣይ ሥራዎች ክፍል ውስጥ አላስገባሁም። ይህ አነጋገር ለውሳኔ ክፍል ተገቢ ነው፣ ምክንያቱም ውሳኔው የጉባኤው ነው፤ ሥራው ግን የአንድ ሰው ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩ በዚያ ሰው መጀመር አለበት። “አስተባባሪና ሒሳብ ሠራተኛ” ተብሎ ለሁለት የተሰጠ ሥራም አይጻፍም፤ ሁለት ሰው የሚያስፈልገው ከሆነ ልክ እንደ ሥራ 1 እና ሥራ 2 ይከፈላል። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ ሥራ ማለቁ በምን እንደሚታወቅ መናገሩ ነው፦ ፎቶው ሲለጠፍ፣ ፈቃዱ ሲፈረም፣ ቁጥሩ ሲላክ። “ስለ ሽቦው ይከታተላሉ” የሚል መስመር መቼ እንዳለቀ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የጣቢያው ኃላፊ ጠዋት በግሩፑ ላይ “የአልጋ እግር ቆጠራውን እኔ እሠራለሁ አላልኩም፣ ቢቆጠር ጥሩ ነው ነው ያልኩት” ብለው ጻፉ። ልክ ናቸው፤ ስብሰባው ላይ የቀረበው ሐሳብ ነበር፣ አስተባባሪውም “ይሁን” ብለው አልፈዋል። በስብሰባ ላይ ሐሳብና ቃል የሚቀላቀሉት እንደዚህ ነው፤ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ሥራው የእሱ እንደሆነ ተደርጎ ይያዝበታል።

ይህ ግልጽ የሚሆነው ዝርዝሩ ስብሰባው ሳይበተን በድምፅ ሲነበብ ነው። ትናንት ግን ለማንበብ ጊዜ አልነበረም፤ የምንጠቀመው ነፃውን የዙም አካውንት ስለሆነ 40 ደቂቃ ሲሞላ መስመሩ ተዘግቷል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ 30ኛው ደቂቃ ላይ አጀንዳው የትም ቢደርስ ይቆምና እያንዳንዱን ሥራ ከነፈጻሚውና ከነቀኑ አነባለሁ፣ ስሙ የተጠራውም ሰው “አዎ” ወይም “አይደለም” ይላል። አምስት ሥራ ለማንበብና ለመመለስ ከአራት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ያልታየ አጀንዳ ካለ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይተላለፋል፤ እኔ በግሌ አንድ አጀንዳ ቢቀር ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም የተነጋገርንበት ነገር ባለቤት አጥቶ ሲቀር ያንኑ አጀንዳ እንደገና መክፈታችን አይቀርም።

እርማቱን በተመለከተ ደግሞ የሚከተለውን ሥርዓት ይዘናል። ቴሌግራም የተላከን መልእክት ላኪው እስከ 48 ሰዓት ድረስ እንዲያስተካክል ይፈቅዳል፣ ነገር ግን መልእክቱ ሲስተካከል ቀድሞ ያነበበው ሰው አዲስ ማሳወቂያ አይደርሰውም። ስለዚህ የፊደል ግድፈት ብቻ በዚያው መልእክት ላይ ይታረማል። ፈጻሚ፣ ቀን ወይም መጠን ከተለወጠ ግን ለዋናው መልእክት ምላሽ ሆኖ አዲስ መስመር ይለጠፋል። የዛሬው እንዲህ ይላል፦

• እርማት፣ ሥራ 4፦ የጣቢያ ኃላፊ ቆጠራውን አልተቀበሉም። አስተባባሪ የጣቢያውን ጥበቃ አነጋግረው ቁጥሩን ይልካሉ፤ ቀኑ አልተለወጠም፣ ቅዳሜ ኅዳር 6 (ኖቬምበር 15)።

አስተባባሪው ከመለጠፉ በፊት በስልክ ተጠይቀው ተስማምተዋል። የጥራት ባለሙያዋም ሥራ 5ን አይተው “እቀበላለሁ” ብለዋል። ያልተገኘ ሰው ሥራ ሲሰጠው “ማረጋገጫ ይጠበቃል” የሚለው ሐረግ የሚነሣው ሰውየው ራሱ በጽሑፍ ሲመልስ ብቻ ነው። መልእክቱ ላይ የአውራ ጣት ምልክት ማድረግ እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም፤ አንዳንዱ ሰው “አይቻለሁ” ለማለት፣ ሌላው “እሠራለሁ” ለማለት ያደርገዋል፣ ለይቶ ማወቅ አይቻልም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ሒሳብ ሠራተኛዋ ሦስቱን ፕሮፎርማ ፎቶ አንሥተው ለጠፉ። ዋጋው ዝቅ ያለው ሁለተኛው ነበር፣ ነገር ግን በላዩ ላይ የሰፈረው ስፋት 1 ሜትር ነው። አልጋዎቻችን 1.20 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት አላቸው፤ በ1 ሜትር ሽቦ ቢሸፈኑ በየጠርዙ ክፍተት ይቀራል ወይም ሌላ ቁራጭ እየተቀጠለ መሰፋት ይኖርበታል። ስሕተቱን ያገኙት ሒሳብ ሠራተኛዋ ራሳቸው ናቸው፣ ያገኙትም ፎቶውን ሲለጥፉ ሥራ 1 ላይ ካለው መጠን ጋር ጎን ለጎን አስተያይተው ነው። የቴክኒክ ሰው አይደሉም፣ የአልጋውን ልክም አይተውት አያውቁም።

አንድ የሥራ መስመር ምን ያህል ዝርዝር መያዝ አለበት ለሚለው ጥያቄ ይህ አጋጣሚ መልስ ሰጥቶኛል። አጭር ማድረግ ማለት መጠኑን ማውጣት አይደለም። ከመስመሩ መውጣት ያለበት ውይይቱ ነው፦ ማን ምን አለ፣ ለምን 24ቱም እንጂ 16ቱ ብቻ አይሁኑ ተባለ፣ ያለፈው ዓመት ሽቦ ለምን ቶሎ ዛገ። ይህ ሁሉ በፋይሉ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ተጽፏል፤ በመልእክቱ ውስጥ ግን የሚቀረው ሥራውን የሚሠራው ሰው ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚያስፈልገው ነገር ነው። 24 አልጋ በ10 ሜትር ሲባዛ 240 ሜትር፣ ይህም በ30 ሜትር ጥቅል 8 ጥቅል ነው፤ ስሌቱ ወጥቶ ውጤቱና ልኩ ቀርቷል።

ሁለተኛው ነጋዴ በትክክለኛው ስፋት አዲስ ፕሮፎርማ እንዲሰጡ ተጠይቀዋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ስብሰባው የተከፈተው የባለፈው ሳምንት ዝርዝር በስክሪን ላይ ተከፍቶ ከሥራ 1 እስከ ሥራ 5 በተራ በማንበብ ነው። ለእያንዳንዱ ከአራት ቃላት አንዱ ብቻ ይመለሳል፦ አልቋል፣ በሂደት ላይ፣ አልተጀመረም፣ ቆሟል። “ቆሟል” ከተባለ ያቆመው ነገር አብሮ ይነገራል። ሪፖርት ማድረግ የለመደ ሰው ለዚህ ጥያቄ ረጅም ማብራሪያ መስጠት ይቀናዋል፣ አስተባባሪው ግን በትዕግሥት ወደ አራቱ ቃላት መለሷቸው።

ፕሮፎርማው በመዘግየቱ ሥራ 2 በቀኑ አላለቀም፣ ሥራ 3ም አብሮ ተገፋ። እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለ፤ አዲሱን ቀን ብቻ ጽፎ የድሮውን መተው ይቀላል፣ ዝርዝሩም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ያን ካደረግን ግን ሦስት ጊዜ የተገፋ ሥራና ትናንት የተሰጠ ሥራ አንድ ዓይነት መስለው ይቀርባሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሳይጠፋ አዲሱ ከምክንያቱ ጋር ይከተለዋል፣ የሥራው ቁጥርም አይለወጥም፦

• ሥራ 3፦ ሒሳብ ሠራተኛ ሽቦውን ገዝተው ጣቢያ ያደርሳሉ፤ ሐሙስ ኅዳር 11 የነበረው ወደ ሰኞ ኅዳር 15 (ኖቬምበር 24) ተዛውሯል፤ ምክንያት፦ የፕሮፎርማው ስፋት ስሕተት።

አዲስ ሥራ ከ6 ጀምሮ ይቆጠራል። ቁጥሩ በየሳምንቱ ከ1 የሚጀምር ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው በስልክ “ሥራ 3 የት ደረሰ?” ሲል የትኛውን ሳምንት ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ግድ ይሆን ነበር።

ዛሬ ስለ ርዝመትም ተነጋግረናል። ቴሌግራም በአንድ መልእክት የሚቀበለው እስከ 4096 ፊደልና ምልክት ነው፤ ከዚያ ካለፈ መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ከላይ ፒን ሲደረግም አንደኛው ክፍል ብቻ ይታያል። የእኛ መልእክት ከዚህ በጣም ያነሰ ስለሆነ ችግር አልገጠመንም። ያለቁ ሥራዎች አንድ ጊዜ “አልቋል” ተብለው ከተለጠፉ በኋላ ከሚቀጥለው ሳምንት ዝርዝር ይወጣሉ፤ ዝርዝሩ እንዳይረዝም የሚያደርገው ይህ ነው። በየሳምንቱም የድሮው ፒን ወርዶ አዲሱ ይሰቀላል። ሁለት ፒን ጎን ለጎን ከቆዩ የጣቢያው ኃላፊ የትኛውን እንደሚያነቡ እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

በስብሰባው ላይ ስለ አንድ የቀን ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዝ ተነሥቶ ነበር። በግሩፑ ውስጥ የማኅበሩ አባላትም ስላሉ የሰውየው ጉዳይ በመልእክቱ ውስጥ አልገባም፤ አስተባባሪው በግል እንዲጨርሱት ተነግሯቸዋል፣ በዝርዝሩ ላይ ያለው “ሥራ 7፦ አስተባባሪ የቀን ሠራተኞችን ክፍያ ያጠናቅቃሉ” የሚል ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ከስብሰባው በፊት መብራት ጠፋ፤ እኔ በስልክ ዳታ ገባሁ፣ የጣቢያው ኃላፊ ግን መግባት አልቻሉም። ሆኖም ሥራ 3 መዘጋቱን ያወቅነው ከእሳቸው ነው፤ ሽቦው ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን ጣቢያ መድረሱን ጥቅሎቹ ተደርድረው የሚታዩበትን ፎቶ ለዝርዝሩ ምላሽ አድርገው ልከው ነበር። ሥራውን እንዳለቀ የሚያስቆጥረው ፈጻሚው ሳይሆን ውጤቱን የሚረከበው ሰው ነው ብለን ተስማምተናል፦ ፕሮፎርማውን አስተባባሪው፣ ሽቦውን የጣቢያው ኃላፊ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ቅዳሜ ጠዋት “ጭነነዋል” ብለው ሲጽፉ ሥራው ክፍት እንደሆነ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው፣ እሳቸውም በደስታ ተቀብለውታል።

ሥራ 5 ግን ሁለተኛ ሳምንቱን “ቆሟል” ተብሎ አልፏል። ባለሙያዋ መለኪያውን የሚፈትሹት ሰዎች ምላሽ አልሰጡኝም ይላሉ። መለኪያው ትክክል መሆኑ ካልታወቀ የደረቀው ቡና ከ12 በመቶ በታች መድረሱን ማመን ስለማይቻል ጉዳዩ እንዲሁ ሊገፋ አይገባም። ስለዚህ ቀኑን እንደገና ከመግፋት ይልቅ ሥራውን ለወጥነው፦

• ሥራ 5 ተዘግቷል፤ ምክንያት፦ ከመፈተሻው ምላሽ አልተገኘም።
• ሥራ 9፦ የጥራት ባለሙያ ሌላ የተፈተሸ መለኪያ በውሰት አግኝተው ከእኛው ጋር በአንድ ናሙና ያስተያያሉ፣ የሁለቱን ንባብ ይለጥፋሉ፤ እስከ ሐሙስ ኅዳር 18 (ኖቬምበር 27)።

ሁለት ሳምንት በተከታታይ “ቆሟል” የተባለ ሥራ ሁሉ በሦስተኛው ስብሰባ እንዳለ አይቀጥልም፤ ወይ ይከፈላል፣ ወይ ፈጻሚው ይለወጣል፣ ወይ ይዘጋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

የሁለቱ መለኪያዎች ንባብ ትናንት ማታ ተለጥፏል፤ በአንዱ ናሙና ላይ የእኛው 11.4፣ የተዋሰነው 11.8 በመቶ አሳይቷል። የጥራት ባለሙያዋ ልዩነቱን ተቀብለው፣ በእኛው መለኪያ ከ11.5 በመቶ በላይ ያነበበ ቡና ከአልጋ እንዳይነሣ አሳስበዋል። ይህ ከስብሰባ ውጭ የተወሰነ ውሳኔ ስለሆነ የማክሰኞን ቀን ሳይጠብቅ “ውሳኔ፣ ዓርብ ኅዳር 19 (ኖቬምበር 28)” ተብሎ ለብቻው ተለጥፏል፣ በሚቀጥለው ዝርዝር የውሳኔዎች ክፍል መጀመሪያ ላይም ይገባል። በስልክም ሆነ በግል መልእክት የተደረሰበት ስምምነት በዚህ መልክ ግሩፑ ላይ ካልወጣ ማክሰኞ ዕለት እንደ አዲስ ሐሳብ ተነሥቶ ይከራከሩበታል።

የሚቀጥለውን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት፣ እኔ ፈቃድ ላይ ስለምሆን። ባዶውን ቅርጽ ከአራቱ ርእሶች ጋር ልኬላታለሁ፣ ከሥሩም ክፍት የሆኑትን ሥራዎች 6፣ 7 እና 8 ከነመጀመሪያ ቀናቸው ገልብጬአለሁ። አዲስ የሚሰጠው ሥራ ቁጥሩ 10 ነው።